64 ደንበኛ፣ 10 ወር፣ አንድ ዐቢይ ጾም፦ የወር ደንበኛ ስንት ብር እንደሚያስገባ በትንሽ መረጃ መገመት

በወር የሚያስከፍል ንግድ ያለው ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። አንድ አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ስንት ብር ባወጣ ያዋጣኛል? ይህን ለመመለስ ያ ደንበኛ እስኪሄድ ድረስ በጠቅላላ ስንት ብር ትርፍ እንደሚያስገባ መገመት ያስፈልጋል። ነጋዴዎች ላይፍታይም ቫልዩ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሺህ ደንበኛና አምስት ዓመት መዝገብ ላለው ድርጅት ስራው ቀላል ነው። እኛ የምናውቃቸው ንግዶች ግን እንደዚያ አይደሉም። ስልሳ ምናምን ደንበኛ፣ አንድ ደብተር፣ የቴሌብር መልዕክቶች፣ በቃ። ደንበኛው ደግሞ በእኩል ፍጥነት አይለቅም። አንድ ወር ማንም አይሄድም፣ ቀጣዩ ወር ግማሹ ይጠፋል።

ምሳሌዬ ሐዋሳ ውስጥ ወተት በየቤቱ የምታደርስ ነጋዴ ናት። በቀን 1 ሊትር፣ ወር ሙሉ፣ ክፍያው ቀድሞ በቴሌብር። መስከረም 2017 ጀመረች። እስከ ሰኔ 30 ድረስ በድምሩ 64 ሰው ቢያንስ አንድ ወር ከፍሏል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ አካሄዱ ግን ለጂም፣ ለእንጀራ አቅርቦትም ሆነ ለኢንተርኔት ጥቅል ያው ነው።

የተለመደው ቀመር የት ይሳሳታል

ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የምታገኙት ቀመር ይህ ነው። የወር ትርፍን በወር የመልቀቅ መጠን አካፍል። ከ100 ሰው 10 ሰው በየወሩ የሚለቅ ከሆነ፣ አንድ ደንበኛ በአማካይ 10 ወር ይቆያል ማለት ነው።

በእኛዋ ነጋዴ ደብተር እንሞክረው። መጋቢት ላይ ከ41 ደንበኛ 14ቱ አልከፈሉም። 34 በመቶ መሆኑ ነው። በቀመሩ መሰረት አንድ ደንበኛ የሚቆየው 3 ወር እንኳን አይሞላም። ግንቦት ላይ ደግሞ ከ38 ደንበኛ የተወው አንድ ብቻ ነው። አሁን ቀመሩ 38 ወር ይላል። ንግዱ ያው፣ ወተቱ ያው፣ ልዩነቱ የሁለት ወር ብቻ።

«እሺ፣ አማካዩን እንውሰዳ» ትሉ ይሆናል። አማካዩም አያድንም። ቀመሩ ውስጥ አንድ የተደበቀ ግምት አለ፤ ማንኛውም ደንበኛ በየትኛውም ወር የመልቀቅ ዕድሉ እኩል ነው የሚል። እውነታው እንዲህ አይደለም። ገና አንድ ወር የሞከረ ሰውና ስድስት ወር ሲከፍል የቆየ ሰው አንድ አይደሉም። መጋቢትና ግንቦትም አንድ አይደሉም። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ መያዝ አለብን። አንደኛው ወቅት ነው፤ ሁለተኛው ደንበኛው የቆየበት ጊዜ።

በመጀመሪያ፦ አንድ የተከፈለ ወር ስንት ያተርፋል?

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ግን ገቢንና ትርፍን የሚቀላቅል ሰው ስለማይጠፋ አንድ ጊዜ ልጻፈው። ደንበኛው በወር 3,000 ብር ይከፍላል። ወተቱ ከገበሬው የሚገዛው በሊትር 75 ብር ነው፤ ለ30 ቀን 2,250 ብር። ማድረሻው፣ ማለትም ባጃጁና ልጁ፣ ለአንድ ቤት ሲካፈል 210 ብር ገደማ። ለዕቃና ለሚበላሽ ወተት 90 ብር። የሚተርፈው 450 ብር ነው።

የቤት ኪራይ፣ የፍሪጅ መብራትና የእሷ የራሷ ደሞዝ እዚህ ውስጥ የሉም። ደንበኛ ቢጨመርም ባይጨመርም እነሱ ስለሚከፈሉ ነው። ይህን አስታውሱት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

«ለቀቀ» የሚባለው መቼ ነው?

ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለዚህኛው እርምጃ ነው። ጠቅላላ ውጤቱን የሚያበላሸው የሂሳብ ስህተት ሳይሆን የስም አወጣጥ ስህተት ነውና።

ደብተሩን ይዘን ስንቀመጥ መጋቢት ላይ በቀይ የተሰረዙ 14 ስሞች ነበሩ። ወተት የሚያደርሰው ልጅ ከጎን ቆሞ ያያል።

«እትዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እኮ አልተዉንም። ጾም ይዘው ነው።»

«ታዲያ ለምን ሰረዝካቸው?»

«ስላልከፈሉ ነዋ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። በ2017 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነበር፤ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 12። 55 ቀን ወተት የማይጠጣ ቤት ለ55 ቀን ወተት አይከፍልም። ይህ ሰው ግን አልለቀቀም፤ አቁሞ ነው። ሐዋሳ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ሁሉም ሰው በአንድ አቆጣጠር አለመጾሙ ነው። ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ ደንበኛ በዐቢይ ጾም እንደወትሮው ይጠጣል። ኦርቶዶክስ ሆኖም ትንሽ ልጅ ያለው ቤት ለልጁ መግዛቱን ይቀጥላል። ስለዚህ «የመጋቢቱን መረጃ በሙሉ እንጣለው» ማለትም አይሆንም። በዚያው ወር ጾምን ሰበብ አድርገው በዚያው የቀሩም አሉ።

(ላም ግን ጾም አታውቅም። በነዚያ ሁለት ወራት የተረፈው ወተት ቅቤና አይብ ይሆናል። እሱ ሌላ ሂሳብ ነው።)

መፍትሔው አንድ ደንብ መጻፍ ነው። ስሞቹን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት። አለበለዚያ ለምትወዱት ደንበኛ ታደላላችሁ። የእኛ ደንብ ይህን ይመስላል። የከፈለበት ወር ካለቀ በኋላ 30 ቀን ሙሉ ያልከፈለ ሰው ለቅቋል። ያ 30 ቀን በጾም ወቅት ላይ ከወደቀ ግን መቁጠር የሚጀምረው ከጾሙ ፍቺ ማግስት ነው። የለቀቀበት ቀን ደግሞ የመጨረሻው የተከፈለ ወር ያለቀበት ቀን ነው፤ እኛ መልቀቁን ያወቅንበት ቀን አይደለም።

በዚህ ደንብ ከ14ቱ 9ኙ ከፋሲካ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው ከፍለዋል። እነሱ አቁመው የነበሩ ናቸው። 5ቱ ለቀዋል። የመጋቢቱ 34 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወረደ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ውሳኔ አለ። ጊዜን በካላንደር ወር ሳይሆን በተከፈለ ወር ቁጠሩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ አምስት ወር ከፍሎ፣ በጾም አቁሞ፣ ከፋሲካ በኋላ የተመለሰ ሰው ሲመለስ ስድስተኛ የተከፈለ ወሩን ጀመረ እንላለን። ያቆመበት ጊዜ ብር አያመጣም፤ ዕድሜም አይጨምርም። እንዲህ ሲደረግ የወቅቱ ግርግር ከሠንጠረዡ ውስጥ ይወጣል፤ የሚቀረው ደንበኛው ከቆይታው ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ብቻ ይሆናል።

የቆጠራ ቀን መቁረጥ

ደብተሩን ያገላበጥነው ሐምሌ 30 ነው። ሠንጠረዡን ግን እስከ ሰኔ 30 ባለው ብቻ ነው የሰራነው። ምክንያቱ የ30 ቀኑ ደንብ ነው። ሐምሌ 20 ላይ ወሩ ያለቀበት ሰው ለቅቆ ይሁን ወይ ገንዘብ ዘግይቶበት ገና አናውቅም። እሱን «ቀጥሏል» ብትሉትም «ለቅቋል» ብትሉትም ትሳሳታላችሁ። የመቁረጫውን ቀን በአንድ የመታገሻ ጊዜ ወደኋላ መመለስ ነው መላው። አንድ ወር መረጃ ታጣላችሁ፤ የቀረው ግን የተጣራ ይሆናል።

ሠንጠረዡ

አሁን ወደ ዋናው ስራ። ዘዴው ካፕላንና ማየር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ የሕክምና ጥናት ላይ የሚያጋጥም ችግር ነበር። ጥናቱ ሲዘጋ ግማሹ ታካሚ በሕይወት አለ፤ ታዲያ አማካይ ዕድሜን እንዴት እናስላ? የእኛም ችግር ይኸው ነው። ሰኔ 30 ላይ 39 ሰው አሁንም እየከፈለ ነው። የእነሱ ቆይታ ገና አላለቀም።

እነዚህን 39 ሰዎች ከሂሳቡ ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው። የለቀቁትን 25 ብቻ ይዛችሁ «አማካይ ቆይታቸው ስንት ነው?» ብትሉ መልሱ በጣም አጭር ይሆናል። ምክንያቱም ረጅም የሚቆዩት ገና ስላልለቀቁ እዚያ ውስጥ የሉም።

ዘዴው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የተከፈለ ወር አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃላችሁ። ይህን ወር ጨርሰው የመቀጠል ወይም የመተው ውሳኔ ላይ ከደረሱት ውስጥ ስንቱ ተወ? ወሩን ገና ያልጨረሰ ሰው ለዚያ ወር አይቆጠርም። ባለፉት ወራት ግን ተቆጥሯል። የነበረው መረጃ አይባክንም፤ ያልነበረው አይፈጠርም።

| የተከፈለ ወር | ወሩን የጀመሩ | ገና ያልጨረሱ | ውሳኔ ላይ የደረሱ | የተዉ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 64 | 4 | 60 | 12 |
| 2 | 48 | 3 | 45 | 5 |
| 3 | 40 | 4 | 36 | 3 |
| 4 | 33 | 5 | 28 | 2 |
| 5 | 26 | 5 | 21 | 1 |
| 6 | 20 | 5 | 15 | 1 |
| 7 | 14 | 5 | 9 | 0 |
| 8 | 9 | 5 | 4 | 1 |
| 9 | 3 | 3 | 0 | – |

የመጀመሪያውን ረድፍ አብረን እናንብበው። 64 ሰው ጀመረ። 4ቱ ሰኔ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ የመጀመሪያ ወራቸው አላለቀም። 60ው ውሳኔ ላይ ደረሰ። 12ቱ ተዉ፤ 20 በመቶ። 48ቱ ወደ ሁለተኛ ወር አለፉ። ከዚያ ጀምሮ እያንዳንዱ ረድፍ በዚሁ መንገድ ይቀጥላል።

ሠንጠረዡ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡበት መንገድ አለ። «የተዉ» የሚለውን አምድ ደምሩ፤ 25። «ገና ያልጨረሱ» የሚለውን ደምሩ፤ 39። ሁለቱ አንድ ላይ 64 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተጽፏል ወይም ጠፍቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ስልክ ቁጥር ቀይሮ እንደ አዲስ የተመዘገበ ደንበኛ ነው።

አሁን አንድ አዲስ ደንበኛ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ወር የመክፈል ዕድሉን እናውጣ። የመጀመሪያውን ወር ከፍሏል፤ ስለዚህ 1። ሁለተኛውን ለመክፈል የመጀመሪያውን ውሳኔ ማለፍ አለበት፤ 0.80። ሦስተኛውን ለመክፈል ደግሞ የሁለተኛውንም ማለፍ አለበት። ከ45ቱ 40ው አልፈዋል፤ 0.80 × 0.889 = 0.711። እንዲህ እያባዛን እንሄዳለን። አራተኛው 0.652፣ አምስተኛው 0.605፣ ስድስተኛው 0.576፣ ሰባተኛው 0.538።

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ላይ ከሆናችሁ ሀ. አምድ A ወሩ፣ አምድ B ውሳኔ ላይ የደረሱት፣ አምድ C የተዉት ይሁን፤ ለ. መረጃው ከ2ኛው መስመር ይጀምር። ከዚያ ይህን ጻፉና D2ንና E3ን እስከ 8ኛው መስመር ወደታች ጎትቱ።

```
D2: =1-C2/B2
E2: =1
E3: =E2*D2
```

አምድ E ዕድሉ ነው። የአምድ E ድምር ደግሞ አንድ ደንበኛ በአማካይ የሚከፍላቸው ወራት ብዛት ነው። እስከ ሰባተኛ ወር ያለው ድምር 4.88 ይመጣል። ከፊታችን ካሉት ሰባት ወራት ውስጥ አንድ አዲስ ደንበኛ በአማካይ አምስት ለትንሽ ፈሪ ወራት ይከፍላል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የፈጠርነው ቁጥር የለም፤ ሁሉም ከደብተሩ ነው።

ደብተሩ የሚያልቅበት ቦታ

ሰባተኛውን ወር ተመልከቱ። 9 ሰው ውሳኔ ላይ ደረሰ፣ ማንም አልተወም። ከዚህ ተነስቶ «ሰባት ወር የቆየ ሰው አይለቅም» ማለት ቀልድ ነው። ስምንተኛው ላይ ከ4 ሰው አንዱ ተወ። 25 በመቶ ነው ማለትም እንዲሁ ነው። ውሳኔ ላይ የደረሰው ሰው ከ15 በታች ሲሆን የዚያን ረድፍ መቶኛ ለብቻው አትመኑት። 15 የሚለውን ያወጣሁት ከልምድ እንጂ ከሕግ አይደለም፤ 10 ብትሉ አልጣላችሁም።

መፍትሔው የሚመሳሰሉትን ወራት አንድ ላይ መደመር ነው። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ የመልቀቅ መጠኑ ረግቷል። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉትን ውሳኔዎች ስንደምር 113 ናቸው። የተዉት 8። ሰባት በመቶ ገደማ። በዘጠኝ ሰው ላይ ከመወራረድ በ113 ውሳኔ ላይ መወራረድ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግን ከዚህ ጋር አትደምሩ። 20 በመቶና 11 በመቶ ናቸው፤ ሌላ ዓለም ነው።

ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ያለፈውን ወር ዕድል በ0.93 እናባዛለን። ስምንተኛው 0.500፣ ዘጠነኛው 0.465፣ እንዲህ እያለ አስራ ሁለተኛው 0.374 ይደርሳል። E9ን ጽፋችሁ እስከ E13 ጎትቱት።

```
E9: =E8*0.93
ጠቅላላ: =SUM(E2:E13)*450
```

ድምሩ 7.06 ወር ነው። በ450 ሲባዛ 3,177 ብር ገደማ። 3,180 እንበለው፤ ከዚህ በላይ ማጥራት በ64 ሰው መረጃ ላይ ማስመሰል ነው።

12ኛ ወር ላይ ለምን አቆምን? ሂሳቡን እስከ ዘላለም ብንቀጥለው 12 ወር ገደማ ይመጣል፤ 5,400 ብር። ያማልላል። ግን ልብ በሉ፤ ከዚያ ውስጥ 6 ወር የሚሆነው ማንም ሰው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ንግዱ ራሱ 10 ወሩ ነው። የወተት ዋጋ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ ተፎካካሪ፣ ሁሉም ይለወጣል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የአንድ ዓመት ዕድሜ የሌለው ንግድ ከ12 የተከፈለ ወር በላይ መቁጠር የለበትም። ሁለት ዓመት ሲሞላው ያን ጊዜ እናራዝመው።

አንድ ቁጥር ሳይሆን ክልል

3,180 ትክክለኛ ይመስላል። አይደለም። በመጀመሪያው ወር የተዉት 12 ናቸው፤ በአጋጣሚ 9 ወይም 15 ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ለዚህ የሚሆን ፈጣን ዘዴ አለ። የተዉትን ቁጥር ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ አንዴ ጨምሩበት፣ አንዴ ቀንሱለት። የ12 ስኩዌር ሩት 3.5 ነው፤ ስለዚህ ከ8.5 እስከ 15.5። የ5 ደግሞ 2.2፤ ከ2.8 እስከ 7.2። የ8 ደግሞ 2.8፤ ከ5.2 እስከ 10.8። በመጥፎዎቹ ቁጥሮች ሂሳቡን ድገሙት። የመጀመሪያው ወር መልቀቅ 26 በመቶ፣ ሁለተኛው 16፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 9.6 ይሆናል። ድምሩ 5.9 ወር፣ 2,640 ብር ገደማ። በጥሩዎቹ ቁጥሮች ደግሞ 8.4 ወር፣ 3,790 ብር ገደማ።

ስለዚህ ነጋዴዋ የምትይዘው መልስ «ከ2,600 እስከ 3,800 ብር» የሚል ነው። ሲወጣ በዝቅተኛው፤ ሲመኙ በከፍተኛው። ለባንክ ወይም ለሸሪክ ስታቀርቡም ክልሉን አቅርቡ፤ አንድ ቁጥር ካቀረባችሁ በዚያው ትያዛላችሁ።

ለምንድን ነው የቆየ ሰው የማይለቀው?

ከ20 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱን ያየ ሰው «ደንበኛ ሲቆይ ይወደናል» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ቆይ። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል።

ደንበኞቹን ለሁለት ከፈልናቸው። አንደኛው ልጅ ያለው ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ተከራይተው በጋራ የሚኖሩ ወጣቶች፤ ተማሪም ሰራተኛም አሉበት። በመጀመሪያው ውሳኔ ላይ ከደረሱት 60 ውስጥ 40ው ቤተሰብ ናቸው፤ 4 ተዉ። 20ዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ 8 ተዉ። አስር በመቶና አርባ በመቶ።

እንግዲህ ማንም ሰው ባህሪውን ባይለውጥ እንኳ ጠቅላላ መጠኑ በየወሩ ይወርዳል። ወጣቶቹ ቶሎ ቶሎ እየወጡ፣ የሚቀረው ክምችት ቤተሰብ በቤተሰብ ይሆናልና። በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ አልተሻሻለም፣ እንክርዳዱ ነው የወጣው። የዚህ ትርጉም ኪስ ላይ ያርፋል። ነገ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ በራሪ ወረቀት በትናችሁ 30 ወጣት ብታመጡ፣ 3,180 ብር የሚለው አማካይ አይሰራላቸውም። አማካዩ የተሰራው ሁለት እጅ ቤተሰብ በሆነ ድብልቅ ነው። የወጣቶቹ ክፍያ ደግሞ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሚቋረጥ ነው። ለእነሱ ሠንጠረዡን ለብቻ ሰርታችሁ፣ ጣሪያውንም እስከ ትምህርት መዝጊያ ባሉት ወራት ብቻ ገድቡት።

ከሁለት ቡድን በላይ ግን አትክፈሉ። በሰፈር፣ በሃይማኖት፣ በፎቅ ቁጥር እያላችሁ 64 ሰውን ስምንት ቦታ ብትቆራርጡ የሚቀራችሁ ወሬ ነው።

አዲስ ሰፈር ስትጀምሩስ? ታቦር አካባቢ ማድረስ ተጀመረ እንበል። 6 ሰው ውሳኔ ላይ ደረሰ፣ 3ቱ ተዉ። 50 በመቶ ብላችሁ ሰፈሩን አትዝጉት። ከቀድሞው መረጃ 20 ውሳኔ ተበደሩለት። በቀድሞው መጠን ከ20ው 4 ይተዋል። አሁን 3 ሲደመር 4፣ ለ6 ሲደመር 20። ሰባት ከ26፤ 27 በመቶ። አዲሱ ሰፈር የራሱ ውሳኔዎች እየበዙ ሲሄዱ የተበደራችሁት ክብደቱ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። 20 መበደር ወይም 10 መበደር የእናንተ ውሳኔ ነው፤ አዲሱ ሰፈር ከድሮው ጋር በተመሳሰለ ቁጥር ብዙ ተበደሩ።

ታዲያ ለአንድ ደንበኛ ስንት እናውጣ?

ነጋዴዋ ለአዲስ ደንበኛ የሦስት ቀን ወተት በነጻ መስጠትና ለሚያስተዋውቃት ሰው ኮሚሽን መክፈል አስባለች። ጣሪያው ስንት ይሁን?

ከዝቅተኛው ቁጥር ተነሱ፤ 2,640 ብር። ቅድም የተውናቸው ኪራይ፣ መብራትና ደሞዝ ከዚሁ ብር ነው የሚከፈሉት። ስለዚህ ሲሶውን ብቻ ለማምጫ እንፍቀድ፤ 880 ብር። ሲሶ የሚለው ለእሷ ንግድ የተስማማነው ነው። ኪራዩ ከባድ ከሆነ ሩብ ይበቃል።

ከዚያ ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስ እዩ። ከአንድ ደንበኛ በመጀመሪያው ወር 450 ብር ይገኛል። ሁለተኛው ወር ላይ 80 በመቶው ብቻ ስለሚከፍል በአማካይ 360 ይጨመራል፤ 810። በሦስተኛው 320፤ 1,130። ስለዚህ 880 ብር የሚመለሰው በሦስተኛው ወር ውስጥ ነው። ካዝናዋ ሦስት ወር መታገስ ከቻለ ይሁን። ካልቻለ ወረቀት ላይ ያዋጣል የተባለው ነገር ጥር ላይ 20 ደንበኛ አምጥቶ፣ የካቲት ላይ ጾም ሲገባ ገንዘብ ሊያሳጣት ይችላል። በተከፈለ ወር ስንቆጥር ጾሙን ከሠንጠረዡ አውጥተነዋል፤ ከካዝናው ግን አልወጣም። ማስታወቂያውን ከፋሲካ ማግስት ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው። የጾሙ መግቢያ በየዓመቱ ይለዋወጣልና ካላንደር ማየት አይርሳ፤ በ2018 የካቲት 9 ነው፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ግምቱ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ትንበያ በማስቀመጥ። ሰኔ 30 ላይ 39 ንቁ ደንበኛ አለ። 4ቱ የመጀመሪያ ወራቸው ላይ ናቸው፤ በ20 በመቶ 0.8 ሰው ይተዋል። 3ቱ ሁለተኛ ላይ ናቸው፤ በ11 በመቶ 0.33። የቀሩት 32 ሦስተኛና ከዚያ በላይ ናቸው፤ በ7 በመቶ 2.24። ድምሩ 3.4 ገደማ። ሐምሌ ውስጥ ወራቸው ከሚያልቅባቸው ከነዚህ 39 ሰዎች ሦስት ወይም አራቱ ይተዋሉ ማለት ነው። ይህን ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፈነዋል።

አንድ ወይም ስድስት ቢተው አይደንግጣችሁ፤ በትንሽ ቁጥር ይህ ያጋጥማል። ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። የወተቱ ጥራት ይሁን፣ የዋጋ ጭማሪ ይሁን፣ ወይም የማድረሻ ሰዓቱ ወደ ረፋድ ተንሸራትቶ፣ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሁለት ወር በተከታታይ ከትንበያው እጥፍ ከወጣ የቆየውን መረጃ ወደ ጎን አድርጋችሁ ሠንጠረዡን ከተለወጠበት ቀን ጀምራችሁ አዲስ ስሩ።

የሐምሌውን ውጤት ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ 15 ቀን። በደንባችን መሰረት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወሩ አልቆ ያልከፈለ ሰው 30 ቀኑ የሚቆጠርለት ከነሐሴ 17 ጀምሮ ነው። የመጨረሻው ቁጥር የሚታወቀው መስከረም ከገባ በኋላ ይሆናል።